ኢንሹራንሱ የመኪናሽን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ከገመተ፦ እንደገና እንዲገመት እንዴት ትጠይቂያለሽ?

ይህ ጽሑፍ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ (ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አቡዳቢና ሌሎቹም) እየሠራችሁ ከአሠሪ ቤት ውጭ የምትኖሩትንና በራሳችሁ ወይም በባላችሁ ስም አሮጌም ቢሆን አንድ መኪና ያላችሁን የሚመለከት ነው። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት እየዞራችሁ ለምትሠሩ መኪናው የእንጀራችሁ መንገድ ነው። አንድ ቀን ሌላ ሰው ይገጨዋል። ፖሊስ መጥቶ ጥፋቱ የእሱ ነው ይላል። ከሳምንት በኋላ የእሱ ኢንሹራንስ (ታሚን) ይደውልና «መኪናሽ አይጠገንም፣ ይህን ያህል ድርሃም እንሰጥሻለን፣ መጥተሽ ፈርሚ» ይላል። በተባለው ገንዘብ ግን ያንን የመሰለ መኪና ገበያ ላይ አይገኝም።

ብዙዎች እዚህ ላይ ካምፓኒው የተናገረው ያለቀ ነገር ይመስላቸውና ይፈርማሉ። የተነገረሽ ቁጥር ግን ፍርድ አይደለም፣ ካምፓኒው ያቀረበው ግምት ነው። ግምት ደግሞ በማስረጃ ይስተካከላል። በልመናም በቁጣም ግን አይስተካከልም። ከዚህ በታች ግምቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የት ላይ እንደሚሳሳት፣ እንዴትስ እንደሚሞገት በአንድ ምሳሌ እናያለን።

መጀመሪያ፦ የሚከፍልሽ የማን ኢንሹራንስ ነው?

የፖሊሱን ወረቀት ተመልከቺ። ጥፋት ለሌለበት ሹፌር የሚሰጠው አረንጓዴ ወረቀት ነው፤ ለጥፋተኛው ደግሞ ቀይ። አረንጓዴው በእጅሽ ካለ ካሳ የምትጠይቂው የጥፋተኛውን ኢንሹራንስ ነው። የአንቺ መኪና ርካሹ፣ ማለትም ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳትን ብቻ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ቢኖረውም መብትሽ ያው ነው። ብዙ እህቶች «እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ የለኝም፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ይላሉ። ክርክሩ ግን በአንቺ ውል ላይ አይደለም፣ በገጨሽ ሰው ውል ላይ ነው።

ልዩነቱ የዋጋው መነሻ ላይ ነው። የሚከፍልሽ የሌላው ሰው ኢንሹራንስ ከሆነ መነሻው መኪናሽ አደጋው ሊደርስበት ሲል የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ጥፋቱ የአንቺ ሆኖ በራስሽ ሙሉ ኢንሹራንስ የምትጠይቂ ከሆነ ግን መነሻው ውሉን ስትፈርሚ በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመኪናው ዋጋ ነው፤ ከእሱ ላይ በውሉ መሠረት የእርጅና ቅናሽና አንቺ ልትሸከሚው የተስማማሽው ድርሻ ይነሳል። እዚያ ላይ የገበያ ማስታወቂያ ሰብስቦ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ ሒሳቡ በውሉ መሠረት መሠራቱን ማረጋገጥ ነው የሚሻለው። የዚህ ጽሑፍ ቀሪ ክፍል ስለ መጀመሪያው ዓይነት፣ ሌላ ሰው ገጭቶሽ ዋጋሽን ስለሚቀንሱበት ነው።

«አይጠገንም» የሚባለው መቼ ነው?

በኤምሬትስ የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ውል ለሁሉም ካምፓኒዎች አንድ ዓይነት ነው። መንግሥት ያወጣው ይህ አንድ ወጥ ውል በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። በእሱ መሠረት የመጠገኛው ወጪ መኪናው ከአደጋው በፊት ከነበረው ዋጋ ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ እንደወደመ ይቆጠራል። ጋራዥ ውስጥ «ቶታል ሎስ» ሲባል የምትሰሚው ይህንኑ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ አራቱም ጎማ እየተንቀሳቀሰ ቶታል ሎስ ሊባል ይችላል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ የሚሠራው በብረቱ ሁኔታ ሳይሆን በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው የመጠገኛው ወጪ ነው፣ ሁለተኛው የመኪናው ዋጋ።

ይህን ልብ በይ። ዋጋው ዝቅ ሲል የሚከፈልሽ ገንዘብ ያንሳል፤ ከዚያም አልፎ ሊጠገን የሚችል መኪና «አይጠገንም» ወደሚባለው ወገን ይገባል። ስለዚህ ዋጋው እንዲስተካከል ስትጠይቂ ውጤቱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ከፍ ያለ ገንዘብ ታገኛለሽ፣ ወይ ደግሞ ካምፓኒው «እንዲህ ከሆነማ እናስጠግነዋለን» ይላል። ከመጠየቅሽ በፊት የትኛው እንደሚሻልሽ አስቢበት። መኪናው ከአደጋው በፊት ደህና ከነበረና ጉዳቱ በር፣ መከላከያና መብራት ላይ ከሆነ መጠገኑ ሊያዋጣሽ ይችላል። የሻንሲው ብረት ከታጠፈ ወይም ኤርባጉ ከፈነዳ ግን ገንዘቡን መውሰድ ይሻላል።

ገማቹ ዋጋውን እንዴት ያወጣዋል፣ የትስ ይሳሳታል?

ኢንሹራንሱ መኪናሽን የሚያይ ገማች ይልካል፤ ወይ ፎቶውንና ሰነዱን አይቶ ይገምታል። ገማቹ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ደረጃውን፣ የተነዳበትን ኪሎ ሜትርና ሁኔታውን ይጽፍና ገበያው ላይ ተመሳሳይ መኪና በስንት እንደሚሸጥ ያያል። ሥራው ይህ ነው፣ ምሥጢር የለውም። ስህተት የሚገባውም በነዚሁ ቦታዎች ነው።

አንደኛው ደረጃው ነው። ኒሳን ሰኒን ብንወስድ ያው ዓመት፣ ያው ሞተር ሆኖ «ኤስ»፣ «ኤስቪ» እና «ኤስኤል» የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ገማቹ ዝቅተኛውን ከጻፈ ዋጋው አብሮ ይወርዳል።

ሁለተኛው ኪሎ ሜትሩ ነው። ከአደጋ በኋላ ባትሪው ሲሞት ዳሽቦርዱ አይበራም። ኪሎ ሜትሩን ማንበብ ያልቻለ ገማች ለዕድሜው «ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ይነዳል» ብሎ በግምት ይሞላዋል። አንቺ ግን ቅዳሜና ለሥራ ብቻ የምትነጂው ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመጣበት ገበያ ነው። እዚህ አገር «ኸሊጂ» የሚባለው፣ ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት ተብሎ የተሠራ መኪና ከአሜሪካ በመርከብ ከመጣው ይበልጣል። ከአሜሪካ ከሚመጡት ብዙዎቹ እዚያ አደጋ ደርሶባቸው የተሸጡ ስለሆኑ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። መኪናሽ ኸሊጂ ሆኖ ከእነዚያ ጋር ከተነጻጸረ ትጎጃለሽ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም መኪናሽ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ በኸሊጂ ዋጋ ብትከራከሪ አይሰሙሽም።

አራተኛው አሮጌ ጉዳት ነው። ገማቹ ከአደጋው በፊት የነበረ ጭረትና ቀለም ዋጋ ሲቀንስ ትክክል ነው። በዚህኛው አደጋ የደረሰውን ከአሮጌው ጋር ደምሮ ከቀነሰ ግን ስህተት ነው።

በምሳሌ እንየው

አንዲት ሻርጃ የምትኖር፣ ዱባይ ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ እህት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው። መኪናዋ የ2016 ኒሳን ሰኒ ኤስቪ፣ ኸሊጂ፣ 138,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ ነው። መብራት ላይ ቆማ ሳለች ከኋላ ተገጨች፤ አረንጓዴው ወረቀት በእጇ ነው። የጥፋተኛው ኢንሹራንስ ጋራዥ የመጠገኛውን ወጪ 7,600 ድርሃም አለ። ገማቹ መኪናው 11,500 ድርሃም ያወጣል አለ። የ11,500 ግማሽ 5,750 ነው። 7,600 ከዚያ ስለሚበልጥ «ቶታል ሎስ ነው፣ 11,500 ውሰጂና መኪናውን አስረክቢ» ተባለች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ገንዘብ አይደለም። የጠየቀችው የግምቱን ሪፖርት ነው። በኢሜይል «ዋጋው የተሠላበትን ሪፖርትና የጋራዡን የጥገና ዝርዝር ላኩልኝ» አለች። ሪፖርቱ ሲመጣ ሁለት ነገር አገኘችበት፤ ደረጃው «ኤስ»፣ ኪሎ ሜትሩ 190,000 ተብሎ ተጽፏል። ከአደጋው በኋላ ዳሽቦርዱ አይበራም ነበር።

ደረጃውን ለማስረዳት የመኪናውን የኋላ ምልክት ፎቶና የገዛችበትን ወረቀት አዘጋጀች። ለኪሎ ሜትሩ ከአደጋው አንድ ወር በፊት ዘይት የቀየረችበት ደረሰኝ ነበራት፤ 136,000 ይላል። ከዚያ ደግሞ ገበያውን አየች። ዱቢዝልን በመሰሉ የመኪና መሸጫ ገጾች ላይ ያው ዓመት፣ ያው ደረጃ፣ ኸሊጂ፣ ከ120,000 እስከ 155,000 ኪሎ ሜትር የተነዱ ስድስት መኪኖች አገኘች። የተጠየቀባቸው ዋጋ 15,500፣ 15,900፣ 16,200፣ 16,500፣ 16,800 እና 19,500 ነበር። የመጨረሻው የሱቅ መኪና ሲሆን ዋስትና ተሰጥቶት የሚሸጥ ስለሆነ አወጣችው። ይህ ብልህነት ነው፤ ካምፓኒው ያንን አንዱን ጠቅሶ ሙሉ ማስረጃዋን ውድቅ እንዳያደርግባት ነው። የቀሩት አምስቱ አማካይ 16,180 ድርሃም ይመጣል።

ግን 16,180 አልጠየቀችም። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሻጩ የሚፈልገው ዋጋ ነው፤ ገዢ ሲመጣ ይከራከርና ትንሽ ይወርዳል። ገማቹም ይህን ያውቃል። ስለዚህ 15,500 ጠየቀች። እዚህ ላይ ሒሳቡን ተመልከቺ። የ15,500 ግማሽ 7,750 ነው፤ 7,600 ከዚያ ያንሳል። ጥያቄዋ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ቢያገኝ መኪናው ቶታል ሎስ መሆኑ ይቀርና ይጠገን ነበር። ጉዳቱ የኋላ መከላከያ፣ የሻንጣ ክዳንና መብራት ስለሆነ እሷም ለዚያ ዝግጁ ነበረች።

ካምፓኒው ደረጃውንና ኪሎ ሜትሩን አርሞ ዋጋውን 15,000 አደረገው። ከዚያ ላይ ፊት ለፊት መከላከያው ላይ ቀድሞ ለነበረ ስንጥቅ 400 ቀንሶ 14,600 አቀረበ። ስንጥቁ እውነት ነበር፤ ቅናሹን አልተከራከረችም። የ14,600 ግማሽ 7,300 ስለሆነ መኪናው አሁንም ቶታል ሎስ ነው። ከመጀመሪያው 3,100 ድርሃም የበለጠ አገኘች። ከጠየቀችው ጋር የቀረው ልዩነት 900 ነው። ለእሱ ተጨማሪ ሳምንታት ያለ መኪና መቆየት በየቀኑ ለታክሲ ከምታወጣው ጋር ሲተያይ አላዋጣትም፤ ተቀበለች። ልዩነቱ አራት ሺህ ቢሆን ኖሮ ግን መቀጠሉ ተገቢ ይሆን ነበር።

ከዚህ ምሳሌ የምትወስጂው አንድ ነገር ይህ ነው። ግምቱን የቀየረው «ዋጋው ያንሳል» ማለቷ አይደለም። የቀየረው የትኛው መስመር እንደተሳሳተ ማሳየቷ ነው።

ሳታነቢ አትፈርሚ፤ በተለይ ጤናሽን በሚመለከት

ገንዘቡን ስትቀበይ አንድ ወረቀት ታስፈርሚያለሽ። በዓረብኛ «ሙኻለሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «መብቴን በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ማለት ነው። ይህን ከፈረምሽ በኋላ ግምቱ ያንሳል ማለት በጣም ከባድ ነው። የማታነቢው ቋንቋ ከሆነ ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰው አስነብቢ። «ዛሬ ካልፈረምሽ ይቀርብሻል» ቢሉሽ «ግምቱ ላይ ቅሬታ አቅርቤያለሁ፣ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» ብለሽ በጽሑፍ መልሺ።

ሌላው ከመኪናው በላይ የሚያሳስበው ነገር ነው። አንዳንዱ ወረቀት መኪናውን ብቻ ሳይሆን «በአደጋው ምክንያት የሚነሳ ማንኛውንም ጥያቄ» ይላል። ከኋላ የተገጨ ሰው የአንገትና የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚሰማው። ሕመም ካለሽ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ አደጋው የደረሰበትን ቀን የጠቀሰ የሕክምና ወረቀት ያዢ፤ ወረቀቱም «የመኪናውን ጉዳት ብቻ የሚመለከት» ተብሎ ካልተጻፈ አትፈርሚ። የአካል ጉዳት ካሳ ከመኪናው ዋጋ የተለየ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይሁን

በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ካምፓኒው ስልክ ደውሎ ካናገረሽ ከዚያ በኋላ የተባለውን ጠቅሰሽ ኢሜይል ላኪ። በዋትሳፕ ከተጻጻፋችሁ ስክሪንሾቱን አስቀምጪ። ደብዳቤው በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት ከታች ያለውን ለሚያግዝሽ ሰው አሳይተሽ አስተርጉሚው። በቅንፍ ያለውን በራስሽ መረጃ ሙዪ።

«ለ(የካምፓኒው ስም) የካሳ ክፍል፣

የካሳ ቁጥር (…)፣ የመኪናው ታርጋ (…)፣ የአደጋው ቀን (…)።

በ(ቀን) የላካችሁልኝን የ(…) ድርሃም ግምት አልተቀበልኩም። እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ። ምክንያቴ፦

1. በሪፖርቱ ላይ የመኪናው ደረጃ (…) ተብሎ ተጽፏል፣ ትክክለኛው (…) ነው። ማስረጃ፦ ፎቶና የግዢ ወረቀት።

2. ኪሎ ሜትሩ (…) ተብሏል፣ ትክክለኛው (…) ነው። ማስረጃ፦ የ(ቀን) የዘይት ቅያሬ ደረሰኝ።

3. ተመሳሳይ ዓመት፣ ደረጃና ኪሎ ሜትር ያላቸው (…) መኪኖች በአማካይ (…) ድርሃም ተጠይቆባቸዋል። ማስታወቂያዎቹ ከነቀናቸው ተያይዘዋል።

ስለዚህ ከአደጋው በፊት የነበረው ዋጋ (…) ድርሃም ተብሎ እንዲስተካከል፣ ወይም መኪናው እንዲጠገን እጠይቃለሁ። ካልተስማማችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ። እስከዚያው መኪናው ያለበት ቦታ የማቆሚያ ክፍያ ካለው ማን እንደሚከፍል አሳውቁኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይመስላል ግን አትተዪው። መኪናው ጋራዥ ወይም የፖሊስ ግቢ ቆሞ በየቀኑ ገንዘብ ሊቆጥር ይችላል፤ በክርክሩ ያገኘሽው በማቆሚያው እንዳይበላ።

ማስታወቂያዎቹን ቶሎ ስክሪንሾት አድርጊ። መኪናው ሲሸጥ ማስታወቂያው ይጠፋል፤ ያኔ ማስረጃሽም አብሮ ይሄዳል። ስክሪንሾቱ ላይ ዋጋው፣ ዓመቱ፣ ኪሎ ሜትሩና ቀኑ ይታይ። አምስት ጥሩ ማስታወቂያ ከሃያ የተዘበራረቀ ይሻላል።

ካምፓኒው «የእኔ ገማች የተናገረው ይበቃል» ካለ በመንግሥት ፈቃድ ያለው ገለልተኛ ገማች እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ከመስማማትሽ በፊት ግን ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጪ። የግምቱ ልዩነት ትንሽ ከሆነ የገማቹ ክፍያ ሊበላው ይችላል።

ካምፓኒው እምቢ ካለ፦ ሰነዳክ

በኤምሬትስ የባንክና የኢንሹራንስ ቅሬታ የሚቀበል ተቋም «ሰነዳክ» ይባላል። በ2023 የተቋቋመ ሲሆን ጠበቃ ሳትይዢ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። የሚያመለክቱት sanadak.gov.ae ላይ ነው። አንድ ደንብ አለው፤ መጀመሪያ ቅሬታሽን ለካምፓኒው ማቅረብ አለብሽ። ካምፓኒው በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ወይም የመለሰው ካላረካሽ ወደ ሰነዳክ ትሄጃለሽ። ለዚህ ነው ከላይ ያለው ኢሜይል ቀን ያለው፣ በጽሑፍ የሆነ መሆን ያለበት። ያለ እሱ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ ማስረዳት አይቻልም።

ስታመለክቺ የምታቀርቢው የፖሊሱን ወረቀት፣ የመኪናውን መታወቂያ (ሙልኪያ)፣ የራስሽን መታወቂያ፣ የካምፓኒውን ግምት፣ አንቺ የላክሽውን ቅሬታና መልሱን፣ እንዲሁም ማስታወቂያዎቹንና ደረሰኞቹን ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ሰነዳክ አያየውም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሪ።

ብዙዎች «ቅሬታ ባቀርብ ለከፊሌ ይነግሩብኛል ወይ?» ብለው ይፈራሉ። ክርክሩ በአንቺና በኢንሹራንስ ካምፓኒው መካከል ነው፤ አሠሪሽ በዚህ ጉዳይ ላይ ተከራካሪ ወገን አይደለም።

ሙልኪያው በሌላ ሰው ስም ከሆነ

ይህ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ገንዘቡን የከፈልሽው አንቺ፣ የምትነጂውም አንቺ፣ ሙልኪያው ግን በዘመድ ወይም በጓደኛ ስም። ኢንሹራንሱ የሚያውቀው ሙልኪያው ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው ብቻ ነው። ግምቱን የሚከራከረው፣ ሙኻለሳውን የሚፈርመው፣ ገንዘቡም የሚገባለት እሱ ነው። ስለዚህ ማስረጃውን አንቺ ብታዘጋጂውም ኢሜይሉ በእሱ ስም ይሂድ፤ ወይም ሕጋዊ ውክልና ይስጥሽ። ገንዘቡ ወደ እሱ ሂሳብ ከመግባቱ በፊት ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚደርስ በጽሑፍ ተስማሙ። ሰውየው «የሰጡትን እንውሰድ፣ እኔ ጊዜ የለኝም» ብሎ ቢፈርም አንቺ በኋላ ካምፓኒውን መጠየቅ አትችይም።

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነም ከካሳው መጀመሪያ የሚከፈለው ባንኩ ነው። ግምቱ ዝቅ ካለ መኪናው ሄዶ ዕዳው ሊቀርብሽ ስለሚችል ቅሬታውን ችላ አትበዪው።

መኪናውን ራሴ ልያዝ ብትይስ?

አንዳንዱ ካምፓኒ የተጎዳውን መኪና ለአንቺ ትቶ ዋጋውን ከካሳው ላይ ይቀንሳል። በምሳሌያችን የተጎዳው መኪና 4,000 ድርሃም ያወጣል ቢባል፣ ከ14,600 ላይ 4,000 ተቀንሶ 10,600 ይሰጣትና መኪናው ለእሷ ይቀራል። ከዚያ 7,600 ከፍላ ካስጠገነችው በእጇ የሚቀረው 3,000 ድርሃምና የተጠገነ መኪና ነው። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን መኪናው ሲፈታ ቀድሞ ያልታየ ጉዳት ይገኛል፣ ወጪውም ይጨምራል፤ ምርመራ ካላለፈ ሙልኪያው አይታደስም፤ ቶታል ሎስ የተባለበት ታሪክም ሲሸጥ ዋጋውን ያወርደዋል። የተጎዳውን መኪና ዋጋ በጣም ከፍ አድርገው ከቀነሱብሽ ደግሞ «በዚሁ ዋጋ እናንተ ውሰዱት» በያቸው። ዋጋው እውነተኛ ከሆነ ለመውሰድ አይከብዳቸውም።

የማያዋጡ ክርክሮች

«የገዛሁት በ24,000 ነበር» ማለት አይረዳም፤ የሚታየው የአደጋው ዕለት ዋጋ ነው። «ባለፈው ወር አራት ጎማ ቀየርኩ» ብትይ ደረሰኙን አያይዢ፣ ግን የጎማው ዋጋ በሙሉ ይደመራል ብለሽ አትጠብቂ፤ ጎማና ባትሪ መኪናው ጥሩ ሁኔታ ላይ እንደነበረ ነው የሚያስረዱት። «ለሥራዬ ያስፈልገኛል» ማለትም የመኪናውን የገበያ ዋጋ አይቀይርም። መኪና ባጣሽባቸው ቀናት የሚሰጥ የመኪና ኪራይ ክፍያ በውሉ ላይ በገደብ የተቀመጠ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ጠይቂ፤ ከመኪናው ዋጋ ጋር አትቀላቅይው። ካምፓኒው «ኪራዩንም ጨምረን ነው 11,500 ያልነው» ካለሽ ሁለቱን ለየብቻ እንዲጽፍልሽ አድርጊ።

በሳዑዲ ለምትኖሩ

አካሄዱ ይመሳሰላል፣ ቢሮዎቹ ግን ሌላ ናቸው። የአደጋውን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ «ነጅም» ሲሆን የጉዳቱ ግምት «ተቅዲር» በሚባለው ማዕከል በኩል ይሠራል። ስለዚህ ግምቱ አነሰ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ የምትቃወሙት ኢንሹራንሱን ሳይሆን የተቅዲርን ግምት ነው፤ መቃወሚያው የጊዜ ገደብ ስላለው ወረቀቱ በደረሳችሁ ቀን ጠይቁ። ከኢንሹራንስ ካምፓኒው ጋር ያለ ቅሬታ ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ለጀመረው የኢንሹራንስ ባለሥልጣን ይቀርባል።

ዛሬ ማድረግ የምትችይው

አደጋ ባይደርስብሽም ስልክሽን አውጪና አምስት ነገር ፎቶ አንሺ፦ ኪሎ ሜትሩ በሚታይበት ሁኔታ ዳሽቦርዱን፣ መኪናውን ከአራቱም ጎን፣ ደረጃው የተጻፈበትን የኋላ ምልክት፣ ሙልኪያውን በሁለቱም በኩል፣ እና የመጨረሻውን የጋራዥ ደረሰኝ። ፎቶዎቹን ለራስሽ በኢሜይል ላኪ፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በየዘይት ቅያሬው አንዴ አድሺው። አደጋ ደርሶ ዳሽቦርዱ ሳይበራ ሲቀር ያቺ አንዲት ፎቶ የኪሎ ሜትሩን ክርክር ትጨርስልሻለች።